ግማሽ በግማሽ ሲወጣ ጠርጥሩ

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንድ እርማት አለብኝ። ዓመታት ዘግይቷል፤ ቢሆንም ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ብዬ ዛሬ ልጽፈው ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና ቀርቦላችሁ ከሆነ አብሮ ይሄዳል።

ኮምፒውተር ራንደም ቁጥር እንዴት እንደሚያወጣ ሳስተምራችሁ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው አንድ መስመር ነበር። በእጅህ ያለውን ቁጥር በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዛው፣ ሌላ ቋሚ ቁጥር ደምርበት፣ የተገኘውን ለሦስተኛ ቋሚ ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ውሰድ። ቀሪው አዲሱ ቁጥርህ ነው። ደግሞ እሱን አባዛ፣ ደምር፣ ቀሪውን ውሰድ። በቃ። ሊኒየር ኮንግሩኤንሻል ጄኔሬተር ይባላል፤ እዚህ ግን ኤልሲጂ ብዬ ላሳጥረው። ድመራው የሌለበትን የመጀመሪያውን መልክ ያቀረበው አሜሪካዊው የሂሳብ ሊቅ ዲ. ኤች. ሌመር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1949።

ካስተማርኩ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጣል አደርግ ነበር፦ «ለምስጢር ሥራ አይሆንም እንጂ ለተራ ሥራ ይበቃል።» ዛሬ መልሼ መውሰድ የምፈልገው ይቺን «ይበቃል» የምትለዋን ቃል ነው። ለምን እንደሆነ ከራሴ ጥፋት ብጀምር ይሻላል።

የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ከገበሬዎች ጋር የሚሠራ አንድ ወዳጄ መጣና አንድ ነገር ጠየቀኝ። ነቀዝ እንዳይገባ እህልን አየር በማያስገባ ከረጢት ስለማስቀመጥ ሥልጠና ሊሰጡ ነው። ሥልጠናው ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ 200 ሰው መዝግበዋል። ከነዚህ ገሚሱ ሦስት ቀን ይሠለጥናል፣ ገሚሱ የተለመደውን ምክር ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከመከር በኋላ ይወዳደራሉ። ማን የት እንደሚገባ ግን ሰው መምረጥ የለበትም፣ ዕጣ ይሁን አለኝ። «አንተ በኮምፒውተር ታወጣልናለህ» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ «በአምስት ደቂቃ!» አልኩት።

እውነትም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የሲ ቋንቋ ስታንዳርድ እንደ ምሳሌ የሚያቀርበው አጭር ኮድ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

```c
next = next * 1103515245 + 12345;
return (unsigned int)(next / 65536) % 32768;
```

ሁለተኛው መስመር ላይ ያለችው በ65536 የማካፈል ነገር ትርጉሟ አልገባኝም ነበር። ጌጥ መሰለችኝ። አውጥቼ ጣልኳትና እንዲህ አሳጠርኩት።

```c
x = (1103515245 * x + 12345) % 2147483648;
grp = x % 2;
```

ቀሪው 1 ከሆነ ሠልጣኝ፣ 0 ከሆነ ምክር ብቻ። ዝርዝሩን አስገባሁ፣ ወጣ፦ 100 ለ100። ልክ ግማሽ በግማሽ! ወዳጄ በጣም ተደሰተ። እኔም ኩራት ተሰማኝ። ጥሪው ተላከ።

የሥልጠናው ቀን ጠዋት አብሬው ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል። ከበር ላይ ባለቤታቸውን ሊያደርሱ የመጡ አንዲት እናት ቆመው ወደ ውስጥ እያዩ ነው። ወደኔ ዞር አሉና «ልጄ፣ ሴት አይሠለጥንም እንዴ?» አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ። አዳራሹ ውስጥ አንድም ሴት የለም። መቶውም ወንድ።

እየሮጥኩ ዝርዝሩን አወጣሁት። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት ሲሄዱ መጀመሪያ ባል፣ ቀጥሎ ሚስት፣ ከዚያ ቀጣዩ ቤት፣ ባል፣ ሚስት እያሉ ነው የጻፉት። የኔ «ዕጣ» ደግሞ 1፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 0 እያለ እስከ 200 ወርዷል። ባሎቹ ሁሉ ገብተዋል፣ ሚስቶቹ ሁሉ ቀርተዋል። እህሉን ቤት ውስጥ የሚያስቀምጡት ደግሞ እነሱ!

መጀመሪያ ኮዴን ተሳስቼ ጽፌ ነው ብዬ ነበር። አልተሳሳትኩም። ኮዱ የተባለውን ነው ያደረገው። ችግሩ የተባለው ነገር ራሱ ነው።

ትንሽ ምሳሌ በወረቀት እንሥራ። ማባዣው 5፣ ተደማሪው 3፣ አካፋዩ 16 ይሁን። ከ1 እንነሳ። አንድ ጊዜ አምስት፣ ሲደመር ሦስት፣ 8። ስምንት ጊዜ አምስት 40፣ ሲደመር ሦስት 43፣ ለ16 ሲካፈል ቀሪው 11። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ፤ ይሄ ነው የሚወጣው።

```
1 8 11 10 5 12 15 14 9 0 3 2 13 4 7 6
```

ከዚያ ተመልሶ 1። ከ0 እስከ 15 ያሉት ሁሉ አንድም ሳይቀር፣ አንድም ሳይደገም ወጥተዋል። ለኤልሲጂ ከዚህ የተሻለ ዙር የለም፤ ሙሉ ዙር የሚባለው ይሄ ነው። በጥድፊያ ላየውም የተዘበራረቀ ይመስላል። አሁን ግን በኮሮና ጊዜ ታርጋ እንደምናየው ሙሉና ጎዶሎውን ብቻ እያያችሁ እንደገና አንብቡት። ጎዶሎ፣ ሙሉ፣ ጎዶሎ፣ ሙሉ፣ ጎዶሎ፣ ሙሉ… አንድ ጊዜ እንኳ አይዛነፍም።

ለምን? አንደኛ ክፍል የተማርነው ነገር ነው። ጎዶሎ በጎዶሎ ሲባዛ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎ ሲደመርበት ሙሉ ይሆናል። ሙሉ በጎዶሎ ሲባዛ ሙሉ ነው፤ ጎዶሎ ሲደመርበት ጎዶሎ ይሆናል። ማባዣው 5፣ ተደማሪው 3፣ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። 16ን ማስወጣት ደግሞ ምንም አይለውጥም፣ 16 ራሱ ሙሉ ስለሆነ። ስለዚህ በየእርምጃው መገልበጡ ግዴታ ነው። አጋጣሚ የሚባል ነገር የለበትም።

«ታዲያ ማባዣውን ወይም ተደማሪውን ሙሉ ብናደርገውስ?» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ ነበረኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ይብሳል። አካፋዩ እንደ 16 ያለ የሁለት ርቢ ሲሆን፣ ሙሉ ዙር የሚገኘው ሁለቱም ጎዶሎ ከሆኑ ብቻ ነው (ማባዣው ደግሞ አንድ ሲቀነስለት ለ4 መካፈል አለበት)። ማለትም ረጅም ዙር የሚሰጠው ሁኔታ ራሱ ነው የመጨረሻዋን ቢት እንደ ፔንዱለም የሚያወዛውዛት።

በሽታው እዚያች ቢት ላይ አያበቃም። እነዚያኑ አስራ ስድስት ቁጥሮች ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ጻፉ።

```
1 0 3 2 1 0 3 2 1 0 3 2 1 0 3 2
```

አራት አራት እያለ ይዞራል። ለ8 ብታካፍሉት በየስምንቱ ይዞራል። የመጨረሻው ቢት ዙር 2፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 8፣ አራተኛው 16። ምክንያቱን ለማየት በእጅ ማባዛትን አስቡ። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ስታባዙ የውጤቱን የመጨረሻ አሃዝ ለማወቅ የሁለቱን የመጨረሻ አሃዝ ማወቅ ብቻ ይበቃችኋል። የሚያዘው ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ ወደ ቀኝ ተመልሶ አያውቅም። በሁለትዮሽም ያው ነው። የቀኝ ቢቶች ስለ ግራዎቹ ምንም አይሰሙም። ስለዚህ በትልቁ ኤልሲጂ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል፣ ለብቻው የሚሽከረከር ትንሽ ኤልሲጂ አለ፤ በሱ ውስጥ ደግሞ ከሱ ያነሰ ሌላ። ዙሩ አራት ቢሊዮን ነው ተብሎ የሚነገርለት ባለ 32 ቢት ማሽን፣ ያን ዙር ያለው በግራው ዳር ቢት ብቻ ነው። የቀኝ ዳሩ ዙር ሁለት ነው። አካፋዩ 16 ይሁን አራት ቢሊዮን፣ ለመጨረሻዋ ቢት ለውጥ የለውም።

በኔ ኮድ ላይም ይሄው ነው የሆነው። ኮምፒውተር ያላችሁ ይቺን ሞክሯት።

```python
x = 0
for i in range(8):
    x = (1103515245 * x + 12345) % 2**31
    print(x, x % 2, x % 4)
```

የሚወጡት ቁጥሮች 12345፣ 1406932606፣ 654583775፣ 1449466924፣ 229283573፣ 1109335178፣ 1051550459፣ 1293799192 ናቸው። ግዙፍ ናቸው፤ ማንም አይቶ ቀጣዩን አይገምትም። የመጨረሻ አሃዛቸውን ብቻ ግን እዩ፦ 5፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 8፣ 9፣ 2። ጎዶሎ፣ ሙሉ፣ ጎዶሎ፣ ሙሉ። ያቺ ጌጥ የመሰለችኝ በ65536 ማካፈል ሥራዋ ይሄ ነበር፦ የታችኞቹን አስራ ስድስት ቢቶች ቆርጦ መጣል። ጽሑፉን የጻፉት ሰዎች በሽታውን ያውቁ ነበር። መድኃኒቱን አውልቄ የጣልኩት እኔ ነኝ።

በሁለት ማካፈል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሉዶ ዳይስ ብላችሁ ከዚሁ ቁጥር `x % 6 + 1` ብትወስዱ፣ ስድስት ራሱ ሙሉ ስለሆነ መወዛወዙ አብሮ ይመጣል። ጎዶሎ ፊት ከወጣ ቀጥሎ የሚወጣው የግድ ሙሉ ነው። ሁለት ዳይስ አከታትላችሁ ብትጥሉ ድምሩ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል፤ ሁለት ስድስት አብሮ ሊወጣ በፍጹም አይችልም። ግን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ጥላችሁ እያንዳንዱ ፊት ስንት ጊዜ ወጣ ብላችሁ ብትቆጥሩ ስድስቱም እኩል ተቀራራቢ ናቸው። መቁጠር አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው ቅደም ተከተሉ ነው።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ያኔ 100 ለ100 ሲወጣ ከመደሰት ይልቅ መጠርጠር ነበረብኝ። ለ200 ሰው በእውነተኛ ሳንቲም ብታወጡ ልክ 100 ለ100 የሚመጣው በ18 ሙከራ አንዴ ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ 95 ለ105፣ 108 ለ92 ዓይነት ነገር ነው የሚወጣው። እርግጥ ከ18 አንዴ ይሆናልና ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ጎረቤት ለጎረቤት ማየት ነው። በ200 ሰው ዝርዝር 199 ጎረቤታሞች አሉ፤ በእውነተኛ ዕጣ ከነሱ ሃምሳ ያህሉ «1 ቀጥሎ 1» መሆን ነበረባቸው። በኔ ዝርዝር ስንት ነበሩ? ዜሮ። ይቺን ለመቁጠር ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ያን ዕለት ሥልጠናው ተላለፈ። ማታ ከወዳጄ ጋር ተቀምጠን ለእያንዳንዱ ሰው ሳንቲም ወረወርን። 93 ለ107 ወጣ። አንዳንድ ቤት ባልና ሚስት አብረው ገቡ፣ አንዳንድ ቤት ሁለቱም ቀሩ፣ አንዳንድ ቤት አንዳቸው። ዕጣ ማለት እንዲህ ነው የሚመስለው።

እኔን እስካሁን የሚያሳስበኝ ግን የተያዘው ስህተት አይደለም። ያቺ እናት ስለጠየቁ ተያዘ፤ ወንድና ሴት በዓይን ይለያል። ዝርዝሩ የተፈራረቀው በዓይን በማይታይ ነገር ቢሆን ኖሮስ? ለምሳሌ ሁለት መዝጋቢዎች ተራ በተራ ቢጽፉ፣ አንዱ ከመንገድ ዳር፣ አንዱ ከገደሉ ማዶ? አዳራሹ የተለመደ ይመስል ነበር። ሥልጠናው ይሰጥ፣ ውጤቱ ይለካ፣ ሪፖርቱ ይጻፍ ነበር። ሥልጠናው ሠራ ብለን የምናውጀው ግን የመንገዱን ጥቅም ይሆን ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።

«እሺ፣ ታዲያ የላይኞቹን ቢቶች ብቻ እንጠቀም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ለዚህኛው በሽታ ፍቱን ነው። ሌላም መንገድ አለ፦ አካፋዩን የሁለት ርቢ ሳይሆን 2147483647 የሚባለውን ዋና ቁጥር ማድረግ። ያኔም የታችኛው ቢት መወዛወዝ ይጠፋል። ኤልሲጂ ግን ሁለተኛ በሽታ አለው፤ እሱ ከቢቶቹ ላይ የተቀመጠ አይደለም፣ ከቁጥሮቹ ዝምድና ውስጥ ነው ያለው።

ወደዚያች ትንሿ ምሳሌ እንመለስ። ባለ መስመር ደብተር አውጡና እያንዳንዱን ቁጥር ከቀጣዩ ጋር አጣምራችሁ ነጥብ አድርጉ፦ 1 ወደ ቀኝ 8 ወደ ላይ፣ 8 ወደ ቀኝ 11 ወደ ላይ፣ እያላችሁ። አስራ ስድስቱም ነጥቦች የተበተኑ አይደሉም። አምስት ትይዩ መስመሮች ላይ ተሰልፈዋል፣ በመስመር እንደተዘራ በቆሎ። ማባዛትና መደመር ቀጥታ መስመር ነው የሚሠራው፤ ቀሪ መውሰድ ደግሞ መስመሩን ቆራርጦ ከታች መልሶ ማስጀመር ብቻ ነው። ይሄ ቋሚ አሰላለፍ ላቲስ ይባላል። ትልቅ አካፋይ ሲሆን መስመሮቹ በዝተው ይቀራረባሉ እንጂ አይጠፉም።

ይሄ በሦስት አውታር ሲሆን ምን እንደሚያደርስ ለማየት ከታሪክ ሁሉ የታወቀውን ጥፋት ላሳያችሁ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቢኤም ለሲስተም/360 ማሽኖቹ ካዘጋጃቸው የሳይንስ ፕሮግራሞች አንዱ ራንዱ ይባል ነበር። ማባዣው 65539፣ ተደማሪ የለውም፣ አካፋዩ 2147483648 ማለትም 2^31። ማባዣው 2^16 ሲደመር 3 ስለሆነ ለማሽን በጣም ቀላል ማባዛት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተጠቅመውበታል።

አሁን ሁለት እርምጃ ወደፊት መሄድ ማለት በ65539 ሁለት ጊዜ ማባዛት ማለት ነው። ስሌቱ ይቺ ናት፤ አትፍሯት።

```
65539^2 = (2^16 + 3)^2
        = 2^32 + 6*2^16 + 9
        = 2^32 + 6*65539 - 9
```

2^32 ለ2^31 ሲካፈል ቀሪ የለውም፣ ይጠፋል። የቀረው «6 ጊዜ ማባዣው ሲቀነስ 9» ነው። ይህ ማለት በራንዱ ውስጥ ማንኛውም ቁጥር የቀደመው በ6 ተባዝቶ፣ ከሱ በፊት የነበረው በ9 ተባዝቶ ሲቀነስለት የሚገኘው ነው። ከ1 ጀምሩና ፈትሹት፦ 1፣ 65539፣ 393225፣ 1769499፣ 7077969። ስድስት ጊዜ 65539 ሲቀነስ 9፣ 393225። ስድስት ጊዜ 393225 ሲቀነስ ዘጠኝ ጊዜ 65539፣ 1769499። (ሁሉም ጎዶሎ መሆናቸውንም ልብ በሉ፤ የታችኛዋ ቢት እዚህ ጭራሽ አትንቀሳቀስም።)

ቁጥሮቹን ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ብናስገባቸው ደግሞ እንዲህ ይሆናል። አንደኛው 0.1፣ ሁለተኛው 0.2 ከወጣ፣ ሦስተኛው የግድ 0.3 ነው። ምርጫ የለውም። ሦስት ተከታታይ ቁጥር ወስዳችሁ የአንድ ነጥብ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ብታደርጓቸው፣ 9 ጊዜ አንደኛው፣ ሲቀነስ 6 ጊዜ ሁለተኛው፣ ሲደመር ሦስተኛው ሁልጊዜ ድፍን ቁጥር ይሆናል። ይሄ ድምር ከ−6 በላይ ከ10 በታች ስለሆነ ሊሆን የሚችለው ከ−5 እስከ 9 ካሉት አንዱ ነው። ቁጠሯቸው፤ አስራ አምስት ናቸው። ነጥቦቹ ሁሉ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ቢሆኑም፣ አስራ አምስት ጠለሎች ላይ ብቻ ነው የሚያርፉት።

በዓይነ ኅሊናችሁ አንድ ክፍል አስቡ፤ ወርዱም፣ ቁመቱም፣ ከፍታውም 10 ሜትር። ውስጡ ሰያፍ የተዘረጉ አስራ አምስት አንሶላዎች አሉ፤ በአንዱና በቀጣዩ መካከል 92 ሳንቲ ሜትር ባዶ ነው። ራንዱ የሚበትነው ጤፍ ሁሉ አንሶላዎቹ ላይ ነው የሚያርፈው። አሁን 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ከሁለት አንሶላ መሃል ስቀሉ። መጠኗን ለመገመት አንድ ሚሊዮን ፍሬ ብትበትኑ፣ በእውነተኛ ራንደም 268 ገደማ ኳሷ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። በራንዱ ዜሮ ይገባል። ቢሊዮን ብትበትኑም ዜሮ። አስቸጋሪው ነገር ይሄ ነው፦ ሥራ ሲበዛ ስህተት ይቀንሳል ብለን የምናምነው እዚህ አይሠራም። ኳሷ አንሶላ ላይ ብትሰቀል ደግሞ ከመጠኗ በላይ ትቆጠራለች። ሁለቱም ጊዜ ኮምፒውተሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ የተረጋጋ፣ የሚያምር፣ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል።

«ራንዱ መጥፎ ማባዣ ስለመረጠ ነው፣ ጥሩ ማባዣ ብንመርጥስ?» እውነት ነው፣ በጣም ይሻሻላል። ግን ጣሪያ አለው። ጆርጅ ማርሳሊያ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው፣ አካፋዩ 2^32 ከሆነ ማባዣው ምንም ይሁን ምን የሦስት አውታር ነጥቦች ከ2953 በማይበልጡ ጠለሎች ላይ ያርፋሉ። እሱ ለብዙ ሥራ ይበቃ ይሆናል። አውታሩ ሲጨምር ግን ቁጥሩ ይወድቃል፤ አስር ሲደርስ 41 ብቻ ነው። አስር አውታር ደግሞ ብርቅ አይደለም። የአንድ ገበሬን ዓመት በኮምፒውተር ለማስመሰል ዝናብ፣ ዋጋ፣ በሽታ፣ ምርት እያላችሁ ለእያንዳንዱ ዓመት አስር ራንደም ቁጥር ከወሰዳችሁ አስር አውታር ውስጥ ናችሁ። አራት ቢሊዮን የተለያየ ዓመት የምታዩ ይመስላችኋል፤ ሁሉም የተደረደሩት ከ41 በማይበልጥ ገጽ ላይ ነው።

ለኤልሲጂ ፍትሐዊ ልሁን። ፈጣን ነው፣ ሦስት ቁጥር ነው፣ መነሻውን ካወቃችሁ ያንኑ ተከታታይ መድገም ይቻላል። ውስጡን ትልቅ አድርገው ውጤቱን የሚያጣሩም አሉ። የጃቫው `java.util.Random` ውስጡ ባለ 48 ቢት ኤልሲጂ ነው፤ የታችኞቹን 16 ቢቶች ግን በጭራሽ አያሳያችሁም። የኖምፓይ `default_rng` የሚጠቀመው ፒሲጂ64 ውስጥም ባለ 128 ቢት ኤልሲጂ አለ፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ቢቶቹ ይገለባበጣሉ፣ ይደባለቃሉ። ስለዚህ ኤልሲጂ እንደ ሞተር ሊያገለግል ይችላል። እኔ የማልቀበለው ሞተሩን ራቁቱን መንገድ ላይ ማውጣት ነው፤ እኔ ያደረግኩትም ያንን ነው።

ስለዚህ አስተያየቴ ይሄ ነው። ማስተማሩ ይቀጥል፣ ግን እንዴት እንደሚሰበር ለማሳየት እንጂ ለመጠቀሚያ አይሁን። ተማሪው ጄኔሬተሩን በጻፈባት ክፍለ ጊዜ ራሱ `% 2` አውጥቶ ይየው፤ ነጥቦቹን በደብተር ይሣል። እኔ ያንን ሳላደርግ ኮዱ ስለሄደ ብቻ ሙሉ ማርክ ሰጥቻችኋለሁ። ይቅርታ።

ዛሬ ሰው ለሁለት መክፈል ያለበት ካለ በእጁ ምንም አይጻፍ። ዝርዝሩን በውዞ መሃል ላይ መቁረጥ ነው።

```python
import random
random.shuffle(names)
a, b = names[:100], names[100:]
```

እዚህ 100 ለ100 የሚሆነው አስበንበት ስለቆረጥነው ነው፤ አያስጠረጥርም። ገንዘብ ወይም ቤት የሚወጣበት ዕጣ ከሆነ ግን ይሄም አይበቃም። ቀደም የወጡትን በበቂ ያየ ሰው ቀጣዩን ሊያሰላ ይችላልና፣ ለዚያ `secrets` የሚባለው አለ።

አንዳንዶቻችሁ አሁን መሥሪያ ቤት ውስጥ የናሙና መረጣ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። የምትጠቀሙበት አሮጌ ፕሮግራም ካለ ዛሬ ከፍታችሁ እዩት። ማባዛት፣ መደመር፣ `%`፣ ከዚያ ወዲያው ሌላ `%` ካያችሁ ያለፉትን ዝርዝሮች አውጡና «1 ቀጥሎ 1» ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ከታች ጻፉልኝ። ዜሮ ያገኘ ሰው አይፈር፤ ከፊቱ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ።